የሽልማት ቀን ምስጋና፦ ለምን የተሸመደደ ይመስላል፣ እንዴትስ ይስተካከላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ2ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ ዘንድሮ በዞናችን ከተመረጡት መምህራን አንዷ ሆኜ ልሸለም ነው። መድረክ ላይ 3 ደቂቃ ተናገሪ ተብያለሁ። ጽፌ በቃሌ ያዝኩት፣ ግን ለባለቤቴ ሳሰማው «ዜና የምታነቢ ነው የምትመስይው» አለኝ። እኔ የምር ነው ማመስገን የምፈልገው፣ በተለይ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሳስጠና የረዱኝን ሰዎች። አጀማመሬ እንዲህ ነው፦ «በቅድሚያ ለዚህ ታላቅ ክብር ላበቃኝ ፈጣሪ፣ በመቀጠልም ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለጥበቃ ሠራተኞች፣ ለተማሪ ወላጆች እንዲሁም ከጎኔ ላልተለዩት ባለቤቴና ልጆቼ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ላቀርብ እወዳለሁ»። ምን ላድርግ? ወረቀት ይዤ ልውጣ ወይስ ሳልይዝ?

መልስ፦

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ። ሥራዬ ሰዎችን ለመድረክ ማዘጋጀት ነው፣ የሽልማት፣ የምረቃ፣ የጡረታ መሸኛ ንግግር ያለባቸው ናቸው ብዙ ጊዜ እኔ ጋ የሚመጡት፣ ከነሱም ውስጥ መምህራን ብዙ ናቸው። መምህር ቀኑን ሙሉ ያለ ወረቀት ሲያወራ የሚውል ሰው ነው፣ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሞ ምንም አይመስለውም፣ የሽልማት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ ይቀየራል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ አማርኛው የደብዳቤ ይሆናል። ስለዚህ ያንቺ ችግር የመናገር ችሎታ አይደለም።

ባለቤትሽ የሰማው ነገር ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ስለተለማመድሽ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚህ ሲባል «በቃ ሳልዘጋጅ ወጥቼ ከልቤ እናገራለሁ» ይላል፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ያልተዘጋጀ ሰው ሲደናገጥ አፉ ላይ የሚመጣለት ከሌላ ሰው መድረክ የሰማው ነገር ነው። «በዚህ አጋጣሚ»፣ «ቃላት ያጥሩኛል»፣ «ከልብ የመነጨ» ማለት ይጀምራል፣ ማለትም ሳይዘጋጅም የተሸመደደ ይመስላል። ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ነው፣ ሁለቱም አንቺ የጻፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ።

አንደኛው፣ ያ ዓረፍተ ነገር አፍሽ የማያውቀው ነው። ጥበቃውን ነገ ጠዋት በር ላይ ብታገኚያቸው «ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ላቀርብልዎ እወዳለሁ» አትያቸውም፣ «ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምትያቸው። ሰው በአፉ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር በቃሉ ሲይዝ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነው የሚያወጣው፣ ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፊቱ ባዶ ይሆናል፣ ድምፁ ቀጥ ያለ መስመር ይይዛል። ባለቤትሽ ዜና አለው እንጂ የሰማው እሱን ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከጻፍሽው ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ምረጪና ቡና እየጠጣችሁ ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰሙሽ አስቢ፣ ለመናገር ካፈርሽ ያ ዓረፍተ ነገር የወረቀት ነው፣ ይውጣ።

ሁለተኛው የአማርኛችን ጠባይ ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንቺ ደግሞ ስድስት ቦታ «ለ» ብለሽ ደርድረሽ «ላቀርብ እወዳለሁ»ን መጨረሻ ላይ አስቀመጥሻት። ወረቀት ላይ ችግር የለውም፣ አንባቢ ዓይኑ ቶሎ ይደርሳል። አዳራሽ ውስጥ ግን ሰሚው ለማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስድስት ወገን ያልፍበታል፣ አንቺ ደግሞ ትንፋሽሽ አራተኛው «ለ» አካባቢ ያልቅና እያንዳንዱን «ለ» በተመሳሳይ ዜማ ታወርጂዋለሽ፦ ለእገሌ፣ ለእገሌ፣ ለእገሌ። ያ ዜማ ስም ጥሪ ነው የሚመስለው፣ ምስጋና አይመስልም። ባለቤትሽ «ከጎኔ ላልተለዩት» ተብሎ ሲጠቀስ ሰው ሁሉ ምሳ መች ነው እያለ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ግስ ስጪ። አንድ ሰው፣ አንድ ያደረገልሽ ነገር፣ ነጥብ። ከዛ ወደ ሌላው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የጻፍሽውን ወረቀት ዛሬ ማታ መሳቢያ ውስጥ ክተቺውና ስልክሽን አንሺ፣ ለቅርብ ጓደኛሽ ቴሌግራም ላይ ቮይስ ላኪላት፣ ወይም ለራስሽ ሪከርድ አድርጊ። ንግግር እንዳታደርጊ። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሳስጠና ማን ምን አደረገልኝ? እንደመጣልሽ አውሪ፣ ብትደጋግሚም ብትዘባርቂም ግድ የለም። ከዛ መልሰሽ እያዳመጥሽ ያልሽውን ቃል በቃል ጻፊው፣ ሳታሳምሪ። አብዛኛው ሰው ከመናገሩ በፊት ይጽፋል፣ በኔ ልምድ ግን መጀመሪያ ተናግሮ ከዛ የጻፈ ሰው ወረቀቱ ላይ የራሱን ድምፅ ያገኘዋል። «እኮ»፣ «ታዲያ»፣ «ደግሞ» የሚሉት ነገሮች እዛ ውስጥ ይኖራሉ፣ አታውጪያቸው፣ ንግግርሽ ሰው ሰው እንዲሸት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ከምታወጪው ውስጥ አንዱን እስከ መጨረሻ አብረን እንየው፣ «ለጥበቃ ሠራተኞች» ያልሽውን። ዝርዝሩን ስለማላውቀው በግምት ነው የምሞላው፣ አንቺ በራስሽ እውነት ትተኪዋለሽ። መጀመሪያ ብዙ ቁጥሩን ትተሽ አንድ ሰው ያዢ፣ ቅዳሜ በር ላይ የሚገኙት የትኛው ናቸው? እሺ ጋሼ ናቸው እንበል። ቀጥሎ፣ በእጃቸው ምን አደረጉ? «ተባበሩኝ» አይደለም መልሱ፣ ተባበሩኝ ማንም ለማንም የሚለው ነው። በሩን ከፈቱልኝ? ክፍሉን ጠረጉልኝ? እናቶቻቸው እስኪመጡ ልጆቹን ጠበቁልኝ? ከዛ፣ መቼ? ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት። ከዛ ደግሞ፣ እሳቸው ባይኖሩ ምን ይቀር ነበር? ግቢው ቅዳሜ ዝግ ነው፣ ቁልፉ እሳቸው እጅ ነው፣ ስለዚህ ትምህርቱ ጭራሽ አይኖርም ነበር። እነዚህን መልሶች ስታያይዣቸው እንዲህ ይሆናል፦

«ቅዳሜ ግቢያችን ዝግ ነው። ቁልፉ ጋሼ እጅ ነው ያለው። 2 ሰዓት ላይ ስደርስ ክፍሉ ተከፍቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ ነው የማገኘው። ጥረጉልኝ ብያቸው አላውቅም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ይሄን ልብ ብለሽ እይው። ታላቅ፣ ልዩ፣ የላቀ፣ ከልብ የሚል አንድም ነገር የለበትም። ምስጋናውን የተሸከመችው «ጥረጉልኝ ብያቸው አላውቅም» የምትለዋ ነች፣ ሰውየው ከግዴታቸው በላይ ማድረጋቸውን አዳራሹ ከሷ ይረዳል፣ አንቺ «ከግዴታቸው በላይ» ማለት ሳያስፈልግሽ። የምር መሆንሽንም ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው፣ ከማንም ንግግር ላይ ልትወስጂው የማትችይው ነገር ስለሆነ። ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ይሄን ስትናገሪ ቃል አይደለም የምትፈልጊው፣ የተጠረገው ወለል ነው ፊትሽ ላይ የሚመጣው። ያየሽውን ነገር ስትናገሪ ዓይንሽም ድምፅሽም ሳታዢው በራሱ ይስተካከላል። የተሸመደደ እንዳይመስል የሚያደርገው ትወና ሳይሆን እሱ ነው።

እዚህ ጋ የሚበላሽ ነገር አለና ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ዝርዝር ስትፈልጊ ሰውየውን የሚያሳንስ ዝርዝር እንዳትመርጪ። «ከአነስተኛ ደመወዛቸው» ምናምን ብለሽ ከጀመርሽ ጋሼን ሰው ፊት ድሃ ብለሽ ነው ያስነሳሻቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹን ተጠንቀቂላቸው። የሽልማት ንግግር ላይ መምህራን በቅንነት የሚሠሩት ከባዱ ስህተት ይሄ ነው፣ «አንድ አባቱ የሞተበት፣ ደብተር የሌለው፣ ፊደል መለየት ያቃተው ልጅ ነበረኝ» ብለው ይጀምራሉ፣ አዳራሹ ያለቅሳል፣ ቪዲዮው ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጁ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሰኞ ክፍል የሚመጣው ልጁ ነው። ስለ ልጅ የምትናገሪ ከሆነ ያቃተውን ሳይሆን የቻለውን ተናገሪ፣ ስሙንም ቤቱንም አትጥሪ፣ ማን እንደሆነ ከሁለት ሰው በላይ ሊገምተው ከቻለ ሌላ ምሳሌ ፈልጊ።

ስንት ሰው ላመስግን ለሚለው፣ 3 ደቂቃ አጭር ነው። አማርኛ ቃሉ ረጅም ስለሆነ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ቃል አካባቢ ነው የሚለው፣ ስለዚህ 3 ደቂቃ ማለት ወደ 300 ቃል ነው። አንቺ ግን ከ220 አትለፊ፣ ምክንያቱም ጭብጨባ አለ፣ እልልታ አለ፣ አንቺም አንድ ቦታ ላይ ድምፅሽ ሊያዝ ይችላል። በዚህ ውስጥ በሥራቸው የምትጠሪያቸው ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፣ ሌላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በቡድን አመስግኚ። በቡድንም ቢሆን ሥራ ስጫቸው፣ ባልደረቦችሽ የተረት መጽሐፍ ካዋጡልሽ «መጽሐፍ አዋጣችሁልኝ» በያቸው፣ «የሞራል ድጋፍ» አይደለም።

አንድ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይለው ጉዳይ አለ። ጥበቃውን በዝርዝር አመስግነሽ ርዕሰ መምህሩን በአንድ ቃል ካለፍሻቸው ሰኞ ቢሮ ውስጥ ቅሬታ ሊኖር ይችላል። መፍትሔው እሳቸውንም ማሞገስ አይደለም፣ ለእሳቸውም እውነተኛ ሥራቸውን መስጠት ነው። ቅዳሜ ግቢው እንዲከፈት የፈቀደ ሰው አለ አይደል? ፈርመዋል፣ ኃላፊነት ወስደዋል። እሱን ተናገሪ፣ መጀመሪያ ላይ አስቀምጪው። ውዳሴ ከደረደርሽላቸው እሳቸውም ያፍራሉ፣ ሰውም ለደረጃ እድገት ነው ይላል፣ የሠሩትን ከተናገርሽ ግን ማንም ምንም ሊል አይችልም።

«ሽልማቱ የኔ ብቻ አይደለም» ማለት ስለሚቀናን ስለሱም ልበል። ትሕትና ባህላችን ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን «አይገባኝም፣ ከኔ የሚበልጡ ብዙ አሉ» እያልሽ ሦስት ጊዜ ከደጋገምሽ የመረጡሽን ሰዎች ዳኝነት እየተከራከርሽ ነው። ማካፈሉን በሥራ አሳዪው። በዚህ ረገድ ሁሌ የማሳየው ሰው ኬንያዊው ፒተር ታቢቺ ነው። በ2019 ዱባይ ላይ የዓለም መምህራን ሽልማትን፣ 1 ሚሊዮን ዶላሩን፣ ያሸነፈ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነው፣ ናኩሩ አካባቢ ፑዋኒ የሚባል መንደር ውስጥ ያስተምር የነበረ የፍራንሲስካን መነኩሴ፣ ከወር ገቢው 80 በመቶውን ለድሆች ይሰጥ የነበረ። ያ ሁሉ ካሜራ ፊት ቆሞ እናቱ የሞተችው እሱ የ11 ዓመት ልጅ እያለ እንደሆነ፣ ከዛ በኋላ የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረው አባቱ ብቻውን እንዳሳደጋቸው ተናገረ፣ አባትየው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበርና ወደ መድረክ ጠራቸው፣ ዋንጫውን እጃቸው ላይ ሰጣቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «ይህ ሽልማት የአባቴ ነው» የሚል የተዋበ ዓረፍተ ነገር ቢፈልግ ኖሮ ያን ያህል አይሆንለትም ነበር። ደግሞ ልብ በይ፣ የተናገረው ስለ ራሱ ቤት ነው፣ የተማሪን ቤት ገመና አላወጣም። አንቺም ጋሼን መድረክ ላይ ጥሪ ማለቴ አይደለም፣ እሳቸው ሊሸማቀቁ ይችላሉ፣ ግን አስቀድመሽ ትምህርት ቤቱን ጠይቀሽ የፊት ወንበር አካባቢ ቦታ ብታስይዢላቸው ስትናገሪ ወደሳቸው ታያለሽ፣ እሱ ብቻውን ይበቃል። መምጣታቸውን ግን በደንብ አረጋግጪ፣ የሌለን ሰው «ጋሼ ይቁሙልኝ» ብሎ አዳራሽ ውስጥ መፈለግ ንግግሩን ይገድለዋል።

ፈጣሪን ማመስገንሽን ማንም አይነቅፍብሽም፣ ግን አጭር ይሁን፣ አዳራሹ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስላለ «ፈጣሪ ይመስገን» ለሁሉም ይሆናል። የክቡራንን ዝርዝር በተመለከተ ደግሞ ከመድረክ መሪው ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ካንቺ በፊት የሚናገሩት ሰዎች ማዕረጉን በሙሉ ጠርተው ከሆነ «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ፣ አይ መጥራት አለብሽ ከተባልሽ ግን ስሞቹን ከነማዕረጋቸው ጽፈሽ ይዘሽ አንብቢ፣ እሱን በቃል ለመያዝ አትሞክሪ።

ይሄን ሁሉ ስናገጣጥመው ምን ሊመስል እንደሚችል ልጻፍልሽ። ደግሜ ልንገርሽ፣ ዝርዝሩ የኔ ግምት ነው፣ ያልሆነ ነገር መድረክ ላይ እንዳትናገሪ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያውቁሽ ሰዎች ናቸው ያሉት።

«ፈጣሪ ይመስገን። ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስለ ቅዳሜ ልንገራችሁ። እኛ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ግቢው ዝግ ነው። ማንበብ ላይ ትንሽ የዘገዩ ልጆች ነበሩኝና ቅዳሜ ላስጠናቸው ብዬ ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገባሁ። ብዙ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን አዩና ‹የሚጠይቅሽ ካለ እኔ ጋ ላኪው› ብለው ፈረሙልኝ። ያቺ ፊርማ ባትኖር ቅዳሜ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። አመሰግናለሁ። ባልደረቦቼ ደግሞ የልጆቻችሁን የተረት መጽሐፍ ከየቤታችሁ አመጣችሁልኝ፣ አንዳችሁም መልሺ ብላችሁኝ አታውቁም። ቁልፉ ጋሼ እጅ ነው ያለው። 2 ሰዓት ላይ ስደርስ ክፍሉ ተከፍቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ ነው የማገኘው። ጥረጉልኝ ብያቸው አላውቅም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እዛ ስሆን የኛን ልጆች ገላ የሚያጥበው፣ ምሳ የሚያበላው ባለቤቴ ነው። አንድ ቅዳሜ እንኳን ‹ዛሬስ ቅሪ› ብሎኝ አያውቅም። ሚያዝያ ላይ ከልጆቹ አንዱ መንገድ ላይ አገኘኝና ‹ቲቸር ቆይ› ብሎ የታክሲውን ታፔላ አነበበልኝ። እስከ መጨረሻው። ያንን ታፔላ ያስነበባችሁት እናንተ ናችሁ። አመሰግናለሁ።»

ይሄ ረጋ ተብሎ ሲነገር ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም አይዘልም፣ ቀሪው ለጭብጨባው ነው። ከ«ይህን ሽልማት» እና ከ«ወደፊትም ጠንክሬ እሠራለሁ» ምንም አላስገባሁም፣ ሁለቱም ባይኖሩ ማንም አይናፍቃቸውም። መጨረሻው ላይ ምክር ለመጨመር ስሜት ይመጣብሻል፣ መምህር ስለሆንሽ በተለይ፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ትውልድ። ተይው። የምስጋና ንግግር ላይ ምክር ሲገባ ሰው ምስጋናውን ይረሳዋል።

አለማመዱ ላይ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በቃልሽ የምትይዣት የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን። መጀመሪያዋን ስለምትደነግጪ፣ መጨረሻዋን ደግሞ ማቆሚያ አጥቶ የሚንገዋለል ሰው ስለሚበዛ። መሀሉን በቃል ሳይሆን በምስል ያዢው፣ ከላይ ባለው ምሳሌ ምስሎቹ ፊርማ፣ መጽሐፍ፣ ወለል፣ ገላ፣ ታፔላ ናቸው፣ አምስት ቃል። ከዛ ለተለያየ ሰው አውሪው፣ አንዴ ለእህትሽ በስልክ፣ አንዴ ለጎረቤት፣ አንዴ ለባለቤትሽ ወጥ ቤት ቆማችሁ። እያንዳንዱ ጊዜ ቃሉ ትንሽ ትንሽ ይለያይ፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየር። በሚቀጥለው ጊዜ «ትናንት ያልኩት ቃል ምን ነበር» ብለሽ መፈለግ ከጀመርሽ እየሸመደድሽ ነው ማለት ነው፣ አንድ ቀን አሳርፊው። መስታወት ፊት አትለማመጂ፣ እዛ የምታዪው ራስሽን ነው፣ የሚያስፈልግሽ ጋሼን ማየት ነው። ሰዓቱንም ሁሌ በስልክሽ ያዢ፣ በደስታ ቀን ሰዓት ሳይታወቅ ነው የሚሄደው።

ስትለማመጂ እጅሽ ላይ የሆነ ነገር ያዢ። ለምን መሰለሽ፣ በዕለቱ ሰርተፊኬቱን በፍሬም ይሰጡሻል፣ ምናልባት ካባ ወይ ጋቢ ትከሻሽ ላይ ያደርጉልሻል፣ አበባም ይኖራል፣ ከዛ ትጨባበጫለሽ፣ ፎቶ ትነሻለሽ፣ ወዲያው ማይኩ ይሰጥሻል። ብዙ ሰው ፍሬሙን በብብቱ ይዞ፣ አበባውን በአንድ እጁ፣ ማይኩን በሌላው ይዞ ነው የሚናገረው፣ ትከሻውም ድምፁም የሚታፈነው ለዛ ነው። ከመናገርሽ በፊት ዕቃውን አትሮንሱ ላይ አድርጊ፣ አትሮንስ ከሌለ መድረክ መሪው እንዲይዝልሽ ስጪ። ማይኩን ከአፍሽ አንድ ጭብጥ ያህል አርቀሽ ያዢው፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ከአገጭሽ ዝቅ ብሎ፣ «ይሰማል?» ብለሽ አትጀምሪ፣ ካልተሰማ ራሳቸው ይነግሩሻል። ከዛ ጋሼን ወይ ባለቤትሽን በዓይንሽ እስክታገኚ ድረስ አፍሽን አትክፈቺ፣ ላንቺ ረጅም ይመስልሻል፣ ለአዳራሹ ግን ትንፋሽ የወሰድሽ ነው።

እልልታ ሲነሳ ቁሚ። ብዙ ተናጋሪ በእልልታ ላይ ለመቀጠል ይሞክራል፣ ከዛ የሚቀጥለው ሰው ምስጋና ሳይሰማ ይቀራል። ጋሼ የሚለው ጋ እልልታ ሊነሳ ይችላል፣ እስኪጨርሱ ጠብቂ፣ ከዛ ስለ ባለቤትሽ ጀምሪ።

ዕንባ ከመጣ ደግሞ የሚመጣበትን ቦታ አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፣ ስትለማመጂ ሁለት ጊዜ ድምፅሽ የተያዘበት ቦታ እሱ ነው። እዛ ቦታ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር በጣም አሳጥሪያት፣ ሦስት አራት ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ የምታልቅ። በትክክል እሷ ላይ ስትደርሺ በጣም ከምትወጂው ሰው ላይ ዓይንሽን አንሺና ብዙም የማታውቂውን ሰው እዪ። ከመጣ ግን ይምጣ፣ «ይቅርታ» አትበይ፣ ውኃ ጠጪና ካቆምሽበት ቀጥዪ፣ ሰው ይጠብቅሻል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ይዘሽ ውጪ። ሙሉውን ጽሑፍ ግን አይደለም፣ ሙሉ ጽሑፍ ከያዝሽ ዓይንሽ ተመልሶ እዛው ይገባል። የመዳፍሽን ያህል ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ አምስቱን ቃል በትልቁ ጻፊ፣ ከላይ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር፣ ከታች የመጨረሻዋን። ወረቀት ማየት የተሸመደደ አያስመስልም፣ እንዲያውም ቆም ብሎ አይቶ ቀና ብሎ የሚናገር ሰው የሚያስብ ሰው ነው የሚመስለው። እያየሽ አትናገሪ ብቻ፣ እዪ፣ ቀና በዪ፣ ከዛ ተናገሪ። ስልክ ላይ ጽፈሽ እንዳትወጪ፣ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ሰው መሀል ላይ ይደውላል።

መድረክ ላይ የረሳሽው ሰው ካለ ተመልሰሽ ማይክ አትጠይቂ፣ «ይቅርታ አንድ ሰው ረስቼ» ብሎ መመለስ ያ ሰው የተረሳ መሆኑን ለአዳራሹ ሁሉ መንገር ነው። የዛኑ ቀን ማታ ደውዪለት ወይ ቤቱ ሂጂ፣ ያደረገልሽን ነገር እዛው ፊት ለፊት ንገሪው።